የገብስና የሽምብራ ቆሎ በመጥበሻ፦ ላዩ ሳያርር ውስጡ እንዲበስል

ቤት ውስጥ የተቆላ ቆሎ ብዙ ጊዜ በሁለት መንገድ ይበላሻል። አንዱ ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ሲቀር ነው። ሌላው ደግሞ ቀለሙ አምሮ ሲነከስ ግን እንደ ጠጠር ሲሆን ነው። የመጀመሪያው የሚመጣው ከእሳት ብዛት ነው። ሁለተኛው በአብዛኛው የሚመጣው እህሉ ገና እሳት ሳይነካው ከተሠራ ስህተት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገብሱም ሆነ ሽምብራው በውስጡ ጥቂት ውሃ አለው። መጥበሻው ሲግል ያ ውሃ እንፋሎት ይሆንና ፍሬውን ከውስጥ ይገፋዋል። ፍሬው ይፈካል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል፣ ሲነከስም ኩርሽም ይላል። እህሉ ከልክ በላይ ደርቆ ከገባ የሚገፋው እንፋሎት ስለሌለ ቀለም ብቻ ይይዛል። ውሃ ጠግቦ ከገባ ደግሞ ከመቆላቱ በፊት ይቀቀላል። የተቀቀለ ፍሬ ሲደርቅ ድርቅ ያለ ጠጠር ይሆናል። ስለዚህ ከታች ያለውን የማርጠብና የማሳረፍ ደረጃ አትዝለሉት።

መመሪያው ለ200 ግራም ገብስና ለ200 ግራም ሽምብራ ነው። 200 ግራም ማለት አንድ መካከለኛ ኩባያ ገደማ ነው። ሁለቱ ለየብቻ ይቆላሉ። ገብሱ ቶሎ ይደርሳል፣ ሽምብራው ይዘገያል፤ አብራችሁ ከጣላችኋቸው አንዱ ያርራል ወይም ሌላው ጥሬ ይቀራል። የሚቀላቀሉት ከቀዘቀዙ በኋላ ነው።

የምታዘጋጇቸው ዕቃዎች

ወፍራም የብረት መጥበሻ ወይም ብረት ምጣድ፣ ስፋቱ 28 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። የእንጨት ማማሰያ፣ ጫፉ ጠፍጣፋ ቢሆን ይመረጣል። ሰፌድ ወይም ሰፊ ትሪ። ንጹሕ የጥጥ ፎጣ። ጨው፣ ማንኪያና ትንሽ ውሃ።

ስስ መጥበሻ እሳቱን አንድ ቦታ ላይ ይሰበስባል። መሐሉ ሲያርር ዳሩ ገና ይሆናል። የማያስይዝ ሽፋን ያለው መጥበሻም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ባዶውን በደረቅ ሲግል ሽፋኑ ይጎዳል። ያላችሁ እሱ ብቻ ከሆነ ባዶውን አታግሉት። እህሉን ከመጀመሪያው ጨምራችሁ በዝቅተኛ እሳት ጀምሩ፣ ሰዓቱንም አስረዝሙ።

ሰፌዱን ወይም ትሪውን ከመጀመራችሁ በፊት ምድጃው አጠገብ አስቀምጡ። ቆሎው ሲደርስ ዕቃ ፍለጋ የምትዞሩባት አንድ ደቂቃ ለማሳረር ትበቃለች።

ስለ እህሉ ምርጫ

ገብሱ የተፈተገ መሆን አለበት። ገለባው ያልተነሣ ገብስ ጉሮሮ ይቧጥጣል፣ ገለባውም ከፍሬው በፊት ይቃጠላል። ገበያ ላይ ለቆሎ ተብሎ የሚሸጠውን ጠይቁ። ውጭ አገር ያላችሁ ሱፐርማርኬት የምታገኙት ነጭ ሆኖ የተላገ ገብስ ይቆላል፤ ነገር ግን ላዩ በጣም ስለተፋቀ ቶሎ ይጠቁራል። ካገኛችሁ ገለባው ብቻ የተነሣለትን፣ ቡናማ መልክ ያለውን ግዙ።

ሽምብራው ደረቅና ጥሬ ይሁን። የቆርቆሮ ሽምብራ ለዚህ አይሆንም። ትንሹ ቡናማው ያገራችን ሽምብራ ከትልቁ ነጭ ሽምብራ ይልቅ በመጥበሻ ይቀናል፤ ትንሽ ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ መሐሉ ይደርሳል። ብዙ ጊዜ የተቀመጠ ሽምብራ ምንም ብታደርጉት ጠንካራ ይሆናል። ከገዛችሁት በኋላ ሁለት ዙር ሞክራችሁ ካልፈካ ጥፋቱን እህሉ ላይ ፈልጉ።

ማስጠንቀቂያ። ለዘር ተብሎ መድኃኒት የተቀባ እህል በፍጹም አትቁሉ። ብዙውን ጊዜ ቀይ ወይም ሌላ ቀለም ይኖረዋል፤ ማጠብም መቁላትም መርዙን አያወጣውም። የነቀዝ ክኒን ውስጡ ገብቶበት የነበረ እህልም ከየት እንደመጣና ምን እንደተደረገለት ሳታውቁ አትጠቀሙ። የሻገተ እህል ካያችሁ የሻገተውን ለቅማችሁ የቀረውን አትቁሉ፤ ሙሉውን ጣሉት። የሻጋታ መርዝ በመጥበሻ ሙቀት አይጠፋም።

ክፍል አንድ፦ ገብስ

1. ልቀሙና አበጥሩ

በሰፌድ ላይ ዘርግታችሁ ጠጠር፣ እንክርዳድ፣ የተሰበረ ፍሬና በነቀዝ የተበሳውን አውጡ። ከዚያ አበጥሩ። ብናኝና ስባሪ ከቀረ መጥበሻው ላይ መጀመሪያ የሚያርረው እሱ ነው፤ ጭሱም ሙሉውን ቆሎ መራራ ያደርገዋል። ብዙ ሰው "እሳቱ በዛብኝ" የሚለው አንዳንዴ ያልተበጠረ ብናኝ ነው።

2. እጠቡና አሳርፉ

በቀዝቃዛ ውሃ ፈጠን ብላችሁ እጠቡ። ውሃ ውስጥ አታቆዩት። የተንሳፈፈውን ገፋችሁ ጣሉት። በወንፊት አጥልላችሁ ፎጣ ላይ ዘርጉትና አሽት አሽት እያደረጋችሁ አድርቁት። ከዚያ በፎጣው ጠቅልላችሁ 30 ደቂቃ አሳርፉ። በዚህ ጊዜ ላዩ ላይ የቀረችው እርጥበት ወደ ውስጥ ትገባለች።

ዝግጁ መሆኑን በእጃችሁ እዩ። አንድ እፍኝ ጨብጣችሁ ስትለቁት ፍሬዎቹ ተለያይተው መውደቅ አለባቸው። መዳፋችሁ ላይ ከተጣበቁ 15 ደቂቃ ጨምሩ።

3. መጥበሻውን አግሉ

መካከለኛ እሳት ላይ ባዶውን ከ3 እስከ 4 ደቂቃ አስቀምጡ። ከዚያ አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉበት። ጠብታዋ ጭስስ ብላ ወዲያው ከጠፋች ልክ ነው። ጠብታዋ ሳትተን ክብ ሆና እየተንከባለለች ከሮጠች መጥበሻው ከልክ በላይ ግሏል። አውርዱትና ትንሽ ቆይታችሁ እንደገና ሞክሩ። ጠብታዋ ቁጭ ብላ ቀስ እያለች ከፈላች ደግሞ ገና ነው።

በቡታጋዝ የምትሠሩ ከሆነ እሳቱን በቁልፉ ማስተካከል ትችላላችሁ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ግን ቁልፉን ብትቀንሱትም ለጥቂት ደቂቃ እንደጋለ ይቆያል። ስለዚህ ሙቀት ሲበዛ መጥበሻውን አንሡ፤ ቁልፉን ብቻ አትመኑ። ከሰል ላይ ከሆነ ፍሙ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ።

4. ቁሉ

ገብሱን ጨምሩ። ፍሬዎቹ መጥበሻው ላይ በአንድ ረድፍ፣ ቢበዛ በሁለት መሆን አለባቸው። ከዚያ በላይ ከሆነ የታችኛው ሲቆላ የላይኛው በእንፋሎት ይቀቀላል። ብዙ መቁላት ከፈለጋችሁ በየዙሩ ቁሉ።

አማሳሰሉ እንዲህ ነው። ማማሰያውን መጥበሻው ወለል ላይ አጥብቃችሁ ከዳር ወደ መሐል ግፉ፣ ከዚያ ገልብጡ፣ ከዚያ በትኑ። መሐሉን ብቻ ማዞር ልክ አይደለም፤ ዳር የቀረው አይገለበጥም። ማማሰያው ከ3 ሰከንድ በላይ አይቁም። በየደቂቃው መጥበሻውን ይዛችሁ አንድ ሁለት ጊዜ ነቅንቁት።

ሰዓቱ እንደ ምድጃው ይለያያል፤ ለ200 ግራም በመካከለኛ እሳት ግን እንዲህ ይሄዳል።

በመጀመሪያዎቹ 3 ደቂቃዎች እንፋሎት ይወጣል፤ ሽታው የረጠበ ገለባ ሽታ ነው። ቀለሙ አይለወጥም። እሳቱን አትጨምሩ፤ እዚህ ላይ ትዕግሥት ያጣ ሰው ነው ቆሎውን የሚያሳርረው።

ከ4ኛው ደቂቃ ገደማ ጀምሮ መንጣጣት ይጀምራል። አንዳንዱ ፍሬ ይዘላል። ድምፁ ሲበረታ እሳቱን ጥቂት ቀንሱ። አሁን ፍሬው በራሱ እንፋሎት እየፈካ ነው፤ ከባድ ሙቀት አይፈልግም። ከነጭ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ወርቃማ ይሄዳል። ይህ እስከ 9ኛው ወይም 10ኛው ደቂቃ ይቆያል።

ከዚያ መንጣጣቱ እየሳሳ ይመጣል። የማማሰያው ድምፅም ይለወጣል፤ መጀመሪያ የታፈነ የነበረው አሁን ቀለል ያለ፣ ደረቅ ኮሽታ ይሆናል። የቆሎው ሽታም ቤቱን ይይዛል። እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ ለመቅመስ ተዘጋጁ።

5. ቅመሱ

ከሦስት ቦታ ሦስት ፍሬ አውጡ። ሳህን ላይ አንድ ደቂቃ ይቀዝቅዙ። ትኩሱን አትፍረዱበት፤ ትኩስ ቆሎ ሁሌ ለስላሳ ይመስላል፣ ኩርሽም የሚለው ሲቀዝቅዝ ነው። አንዱን ንከሱ። በቀላሉ ተሰብሮ ከደቀቀ ደርሷል። መሐሉ ላይ ነጭ፣ ጠንካራ እምብርት ከቀረ በዝቅተኛ እሳት 2 ደቂቃ ጨምራችሁ እንደገና ቅመሱ።

አውርዱ የምትሉት ከምትፈልጉት ቀለም ትንሽ ቀድማችሁ ነው። ፍሬው ከወረደም በኋላ በራሱ ሙቀት መቆላቱን ይቀጥላል።

6. ጨው

ጨው ከፈለጋችሁ ከማውረዳችሁ 2 ደቂቃ በፊት ነው። ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጡ። ፊታችሁን ዞር አድርጋችሁ በጣታችሁ ርጩበት፤ በአንድ ጊዜ አታፍሱት፣ እንፋሎቱ እጅ ያቃጥላል። ወዲያው በኃይል አማስሉ። ውሃው ደርቆ ፍሬው ላይ ስስ ነጭ የጨው ዱካ ሲቀር ጨርሳችኋል። ደረቅ ጨው ብትበትኑ ግን አይዝም፤ ሁሉም መጥበሻው ሥር ይቀራል።

በርበሬ ወይም ሚጥሚጣ የምትወዱ እሳቱ ላይ እያለ አታድርጉ። በርበሬ የጋለ ብረት ሲነካ ያርራል፣ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ያስላል። ካወረዳችሁ በኋላ፣ ሞቅ እንዳለ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዘይት አሽታችሁ ከዚያ ነስንሱ።

7. ዘርጉ

ቆሎውን ወዲያው ሰፌዱ ላይ ገልብጡና በስሱ ዘርጉ። መጥበሻው ላይ አትተዉት። ትኩሱንም አትሸፍኑት፤ የሚወጣው እንፋሎት ተመልሶ ያለሰልሰዋል። ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ አንድ ሰዓት ያህል ስጡት።

ክፍል ሁለት፦ ሽምብራ

የሽምብራ ሥራ ከገብስ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ፍሬው ወፍራም ነው። ላዩ ሲቆላ መሐሉ ገና ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ በአንድ ጊዜ አትጨርሱት። ሁለቴ ይቆላል፣ በመሐሉ ያርፋል።

1. ልቀሙና ለዩ

ነቀዝ የበሳውንና ተሰንጥቆ ክክ የሆነውን አውጡ። ክኩ ከሙሉው በፊት ያርራል። ትልልቁና ትንንሹ በጣም ከተለያየ ለየብቻ ቁሉ።

2. ለአጭር ጊዜ ንከሩ

ለብ ባለ ውሃ 20 ደቂቃ ብቻ ንከሩ። ሌሊቱን ሙሉ አታሳድሩት። ያደረ ሽምብራ ለወጥ ጥሩ ነው፤ ለደረቅ ቆሎ ግን ውሃው ስለሚበዛ ላዩ ቆዳ ሆኖ መሐሉ እንደተቀቀለ ይቀራል። አጥልሉ፣ በፎጣ አድርቁ፣ ጠቅልላችሁ አንድ ሰዓት አሳርፉ።

በስህተት አድሮባችሁ ከሆነ አትጣሉት። ለንፍሮ ወይም ለወጥ አድርጉት፤ ለቆሎው ሌላ ጀምሩ።

3. የመጀመሪያው ቆላ

መጥበሻውን እንደ ገብሱ አግሉና ሽምብራውን ጨምራችሁ እሳቱን ከመካከለኛ ትንሽ ዝቅ አድርጉ። ሳታቋርጡ አማስሉ። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይወስዳል። የምትፈልጉት ቀለም አይደለም። ቆዳው መጨማደድ ሲጀምር፣ አንዳንዱ ፍሬ ጧ ሲል፣ ፍሬውን በጣት ለመያዝ የሚያቃጥል ሲሆን አውርዱ። ቡናማ ነጠብጣብ በብዛት ካያችሁ እሳቱ በዝቷል ማለት ነው፤ በሁለተኛው ዙር ቀንሱ።

4. የጨው ውሃና እረፍት

ትኩሱን ሽምብራ ሳህን ውስጥ ገልብጡ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በ2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጣችሁ ርጩበት፣ አገላብጡት። በፎጣ ጠቅልላችሁ 30 ደቂቃ ተዉት። ትኩስ ፍሬ ውሃውን ቶሎ ይጠጣል፤ ጨውም አብሮ ይገባል። ሁለተኛው ቆላ ላይ ፍሬውን የሚያፈካው ይህ እርጥበት ነው። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ነው "ሽምብራዬ ድንጋይ ሆነ" የሚለው።

ፎጣውን ስትፈቱ ፍሬው ላይ ውሃ ካያችሁ ዘርግታችሁ 10 ደቂቃ አናፍሱት።

5. ሁለተኛው ቆላ

መጥበሻውን ጥረጉ፤ የተቃጠለ ቆዳ አይኑርበት። እንደገና አግሉ። የመጀመሪያዎቹን 3 ደቂቃዎች በመካከለኛ እሳት፣ ከዚያ በዝቅተኛ ከ8 እስከ 12 ደቂቃ አማስሉ።

እዚህ ላይ ሽምብራው ይዘላል። ፊታችሁን መጥበሻው ላይ አትድፉ፣ ልጆችንም አርቁ። ክዳን አትክደኑበት፤ እንፋሎት ያጠራቅማል። በጣም ከዘለለ ወንፊት ከላይ ጋርዱ።

ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ከሥሩ ቢጫ ይታያል። ቡናማ ነጠብጣቦች እዚህም እዚያም ይወጣሉ። አንድ ፍሬ አቀዝቅዛችሁ ንከሱ። በመጀመሪያ ንክሻ ለሁለት ተከፍሎ ቀጥሎ ከደቀቀ ደርሷል። ጥርስ ላይ የሚጎተት ከሆነ መሐሉ ገና እርጥብ ነው፤ በዝቅተኛ እሳት ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ጨምሩ። የማይሰበር ከሆነ በጥርሳችሁ አትታገሉ። በሙቀጫ ወይም በማንኪያ ጀርባ ሰብራችሁ እዩት።

ቆዳውን የማትወዱ ለብ እንዳለ በፎጣ አሹትና አበጥሩት። ከዚያ እንደ ገብሱ ሰፌድ ላይ ዘርግታችሁ አቀዝቅዙት።

ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?

*ላዩ ቡናማ፣ ውስጡ ጥሬ።* ወዲያው አውርዱና ዘርግታችሁ አቀዝቅዙ። መጥበሻውም ይቀዝቅዝ። ከዚያ በጣም ዝቅተኛ እሳት ላይ እንደገና ከ5 እስከ 6 ደቂቃ አማስሉ። ቀለሙ ትንሽ ይጨምራል፤ ውስጡ ግን ይደርሳል። ገና ሳያርር ከያዛችሁት ይድናል።

*ጥቂቱ አርሮ ጥቂቱ ነጭ ሆነ።* መጥበሻው ላይ የበዛ እህል ነበር፣ ወይም ዳሩ አልተማሰለም። በወንፊት ነፍታችሁ ያረረውን ልቀሙ። ነጩን ለብቻ መልሳችሁ ቁሉ።

*ጭስ ጭስ ይሸታል።* ብናኝ ተቃጥሏል። እህሉን ሰፌድ ላይ ገልብጣችሁ አበጥሩ፣ መጥበሻውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ ቀጥሉ። ፍሬው ራሱ ጠቁሮ ከመረረ ግን ጨው ወይም በርበሬ አይሸፍነውም። ያንን ዙር ተዉት።

*ገብሱ ምንም አይንጣጣም።* 7 ደቂቃ አልፎ ድምፅ ከሌለ ወይ እሳቱ ዝቅ ብሏል ወይ እህሉ ደርቋል። እሳቱን ጥቂት ጨምሩና 2 ደቂቃ እዩ። ካልሆነ አውርዱ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ርጩ፣ በፎጣ 20 ደቂቃ ጠቅልሉ፣ ደግማችሁ ቁሉ። ለሽምብራው የተጠቀማችሁበት ዘዴ ለገብሱም ይሠራል።

*ሽምብራው ሁለቴ ተቆልቶም ጠንካራ ነው።* አንድ ጊዜ ብቻ የጨው ውሃና የ30 ደቂቃ እረፍት ጨምራችሁ ሦስተኛ ዙር ሞክሩ። ከዚያም እንቢ ካለ እህሉ አርጅቷል። ወፍጮ ካለ አስፈጩትና ለሽሮ ተጠቀሙበት።

ለማን አይሰጥም

ትንንሽ ልጆች፣ በተለይ ከ4 ዓመት በታች ያሉ፣ ቆሎ አይሰጣቸውም። ደረቅ ፍሬ ትንፋሽ ቧንቧ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ትልልቆቹም ሲበሉ ይቀመጡ፤ እየሮጡና እየሳቁ አይቃሙ። ጥርሳቸው የላላ ወይም የተሞላ ሰዎች ገብሱን ይምረጡ፣ ሽምብራውን ይተዉት። ገብስ ለማይስማማው ሰው፣ በተለይ ስንዴና ገብስ በሐኪም ለተከለከለ፣ ሽምብራውን ለብቻ፣ ገብስ ባልነካው መጥበሻና ሰፌድ ቁሉለት።

ማስቀመጥ

ሁለቱም ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዙ ቀላቅሉ። እኔ ሁለት እጅ ገብስ፣ አንድ እጅ ሽምብራ ይስማማኛል፤ ሽምብራው ሲበዛ መንጋጋ ያደክማል። ኦቾሎኒ ወይም ሱፍ የምትጨምሩ እነሱንም ለየብቻ ቆልታችሁ ነው።

ክዳኑ በሚገጥም ደረቅ ብርጭቆ ወይም ጣሳ ውስጥ አስቀምጡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የዕቃውን ውስጠኛ ግድግዳ እዩ። ጤዛ ካያችሁ ቆሎው ሳይቀዘቅዝ ገብቷል፤ አውጥታችሁ እንደገና ዘርጉት። ዘይት ያልነካው ቆሎ በደረቅ ቦታ ለሳምንታት ይቆያል። ዘይትና በርበሬ ያለበትን ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ጨርሱት፤ ዘይቱ ሽታው ይለወጣል።

ከቆይታ ብዛት ለስለስ ካለ እንደገና መቁላት አያስፈልገውም። ዝቅተኛ እሳት ላይ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ እያማሰላችሁ አሙቁት፣ ዘርግታችሁ አቀዝቅዙት። በርበሬ ያለበትን ግን መጥበሻ ላይ አትመልሱት፤ ክፍት ትሪ ላይ ዘርግታችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት።